ኦርፌሊና የፋብሪካውን ባለቤቶች ስትፈልግ

ኦርፌሊና ሳንዌሳ ማንኛውንም በር ከማንኳኳቷ በፊት የቀኝ መዳፏን በቀሚሷ ጎን ወደ ታች ትጠርጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ። በሩ የፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የንግድ መዝገብ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ የሚያውቋት ዳቦ ቤትም ሊሆን ይችላል። ስትፈራ መዳፏ ያልባታል፤ የማትፈራበት ቀን ደግሞ የለም። ሰው ሲጨብጠኝ እንዳይቀፈው ብዬ ነው ትላለች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በኬልዌን ወደብ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ሰማያዊ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋ የጠበቃ ጉዳይ ማስፈጸም ነው፦ አቤቱታ ታስገባለች፣ ማኅተም ታስመታለች፣ ከመዝገብ ላይ ስም ትፈልጋለች። እኔ በዚያው በጠበቃ ሂሜና ኢቱራ ቢሮ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው። ውሻ ትፈራለች፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ትፈራለች፤ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሲዘጋ ፊቷ ይቀየራል። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይህን ሥራ እንደያዘ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ወረቀት አይጮህብኝም አለችኝ።

ያን ዓመት ክረምት ግን ወረቀቱ ራሱ አስፈራት።

ነገሩ የባሕር ዳርቻው ነው። ጀልባዎቹ ከውሃ የሚወጡበትና ሴቶቹ ኮቻዩዮ የሚባለውን የባሕር ሣር የሚያሰጡበት ጠባብ መሬት የከተማው አስተዳደር ነው። ፑንቲያ ኔግራ የተባለው የዓሣ ዱቄት ፋብሪካ ያንን መሬት ለሃያ አምስት ዓመት ልከራየው ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ላለ ረጅም ኪራይ የምክር ቤቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ድምፅ የሚሰጡት ስድስት የምክር ቤት አባላትና ከንቲባው ናቸው፤ እኩል ከተከፈሉ የሚወስነው ከንቲባው ነው። ከንቲባው ደግሞ ከፋብሪካው ጋር ነበር። ሕጉ ለዓሣ አጥማጆቹ የተወላቸው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፦ እሱ ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ጥቅም ያለበት የምክር ቤት አባል በውይይቱም በድምፁም መግባት አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። ጠበቃቸው ሂሜና ስለሆነች ያንን እንድትፈልግ የተነገራት ኦርፌሊና ናት።

ድሮ ቢሆን ቀላል ነበር። የፑንቲያ ኔግራ አክሲዮን በዋና ከተማው በሳንቲያጎ የአክሲዮን ገበያ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ኩባንያው በየዓመቱ ለገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያስገባ ነበር። በሪፖርቱ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ከነድርሻቸው ይዘረዘራሉ፤ ኩባንያውን የሚያዝዘው ማን እንደሆነም ይጻፋል። ሪፖርቱ በተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ለምን ፈለግሽው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኦርፌሊናም እንደለመደችው ገጹን ከፈተች፣ የመጨረሻውን ሪፖርት አወጣች፣ አሥራ ሁለቱን ስሞች አነበበች። ዘጠነኛው ስም የምክር ቤት አባሏ የዶኛ ሬቤካ ወንድም ነበር፤ ዶኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ለሂሜና ነገረቻት። ሂሜና ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር መሪ ለቶሪቢዮ ነገረችው። ቶሪቢዮ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዶኛ ሬቤካን ጥቅመኛ ናት ብሎ ከሰሳት።

ሬቤካ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዓሣ አጥማጆቹ ጎን ነበረች።  በሳምንቱ ግን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ወንድሟ አክሲዮኑን ከሦስት ዓመት በፊት ሸጧል። በአዳራሹ የነበሩት የፋብሪካው ሰዎች ሳቁ። አንዱ ለቶሪቢዮ፣ ዓሣህንም እንደ ወረቀትህ የሦስት ዓመት ነው የምትሸጠው? አለው።

ኦርፌሊና ያላየችው ይህን ነው። ትሬስ ኩምብሬስ የሚባል የሳንቲያጎ ኩባንያ ለሁሉም ባለአክሲዮኖች አክሲዮናችሁን ሽጡልኝ የሚል የግዢ ጥሪ አቅርቦ ብዙውን አክሲዮን ሰብስቦ ነበር። ከዚያም ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ፑንቲያ ኔግራን ከተቆጣጣሪው መዝገብ አስወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባንያው ለሕዝብ ምንም አያሳውቅም። የድሮዎቹ ሪፖርቶች ግን ከድረ ገጹ አልጠፉም። የመጨረሻው ሪፖርት እንደቆመ ሰዓት እዚያው ተቀምጧል፤ ላየው ሰው የዛሬን የሚናገር ይመስላል። ከላዩ ላይ ያለውን ቀን ያላስተዋለች እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ቀን ስታነብብ የኖረች ሴት።

ከዚያ ስብሰባ በሁለተኛው ቀን የቶሪቢዮ ጀልባ ተቃጠለች። ጠዋት አሸዋው ላይ ጥቁር የጎድን አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ተገኘች። ማን እንዳቃጠላት የታወቀ ነገር የለም፤ እኔም አልጽፍም። ኦርፌሊና ዝናቡ ውስጥ ቆማ አየቻት። ቶሪቢዮ ቀና ብሎ፣ አንቺ አይደለሽም እኮ የለኮስሻት፣ ሂጂ ቤትሽ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል አላት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ መብላት ተወች። ዳቦዋን ቆርሳ ጠረጴዛዋ ላይ ትተወዋለች።

የምክር ቤቱ ድምፅ ለሐሙስ ተቀጠረ። ሂሜና ቁጥሩን አስልታ ነገረችን፦ ከንቲባው፣ የምክር ቤት አባሉ ኤላዲዮ ትሮንኮሶ፣ አንድ ሌላ አባል፣ አሁን ደግሞ የተቆጣችው ሬቤካ፤ አራት ለሦስት እንሸነፋለን። በከተማው የኤላዲዮ ስም ይነሣ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ እጁ አለበት ይላል ሁሉም፤ አየሁ የሚል ግን አንድም የለም። ኤላዲዮ እንደማንኛውም ተመራጭ የሀብትና የጥቅም መግለጫውን አስመዝግቧል፤ በዚያ ላይ ስለ ፑንቲያ ኔግራ አንዲት ቃል የለችም።

ኦርፌሊና ሰኞ ዕለት ወደ ኮንሴፕሲዮን ከተማ ወርዳ የንግድ መዝገቡን አገላበጠች። የኩባንያው መመሥረቻ ጽሑፍ አለ፤ ማሻሻያዎቹ አሉ፤ ከገበያው የወጣበት ጉባኤ ቃለ ጉባኤም አለ። አክሲዮን ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ግን እዚያ አይጻፍም። እሱ የሚጻፈው ኩባንያው ራሱ በቢሮው በሚይዘው መዝገብ ላይ ነው። የትሬስ ኩምብሬስንም ፋይል አወጣች፤ ሲመሠረት የፈረመው የአንድ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንደገዛው የሚያሳይ ወረቀት የለም።

ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«መዝገቡን ማየት የሚችለው ባለአክሲዮን ብቻ ነው» አለች ሂሜና፣ ሻይዋን እያማሰለች። «ባለአክሲዮን ደግሞ ከየት እናመጣለን?»

ኦርፌሊና የኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች።

«እኔ አለኝ» አለች በመጨረሻ።

ሂሜና ማንኪያውን ለቀቀችው። «ምን አለዎት?»

«አክሲዮን። ሁለት መቶ አሥራ አራት። የአባቴ ነው።»

አባቷ በፋብሪካው ማሞቂያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ለሠራተኞች አክሲዮን በተሸጠበት ዘመን እሱም ገዛ። ሲሞት ኦርፌሊና ብቸኛ ወራሹ ስለነበረች ወረቀቱን ራሷ ጨርሳ በስሟ አዛወረችው። የግዢ ጥሪው ሲመጣ አልሸጠችም። ሂሜና ተነሥታ አቀፈቻትና፣ ዶኛ ኦርፌ፣ እርስዎ እኮ ተአምር ነዎት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ዝም አሉ? አለቻት። ኦርፌሊና በክንዶቿ መካከል እንደ ደረቀ ዓሣ ቀጥ ብላ ቆመች። መሄድ ያለባት እሷ ራሷ መሆኗን ገብቷታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። አብሬሽ ልሂድ ብያት ነበር፤ አንቺ ባለአክሲዮን አይደለሽም፣ በር ላይ ያስቀሩሻል፣ ከዚያ ስለ አንቺም ስፈራ እውላለሁ አለችኝ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው እሷ እንደነገረችኝ ነው።

የፋብሪካው በር ላይ ሁለት ውሾች ታስረዋል። ጠባቂው ከሰንሰለቱ ርዝመት ትንሽ ራቅ ብላ እንድታልፍ በጣቱ አሳያት። ጸሐፊዋ ምን ፈለጉ ስትላት፣ የባለአክሲዮኖችን ስም ዝርዝር ማየት አለቻት፤ ድምፅዋ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰላት። ጸሐፊዋ ስልክ አንሥታ በዝግታ ተናገረች። አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጧት። ሠራተኞች የመግቢያ ሰዓታቸውን ከሚያስመዘግቡበት መሣሪያ በላይ ካሜራ አለ፤ ቀይዋ መብራት ትታያታለች። ሽንቷ መጣ፤ ከተነሣሁ አልመለስም ብላ ያዘችው።

ሥራ አስኪያጁ ሬናን ኡጋልዴ ራሱ መጣ። በትሕትና አስገብቷት በሩን ዘጋ። የአባቷን ስም ያውቃል። ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ ፎቶው እንዳለ ነገራት። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አሁንም ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው ቤትዎ? ሰማያዊው?»

አዎን አለች።

«ብቻዎን?»

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ዶኛ ኦርፌሊና፣ እኛ እኮ ከገበያው ወጥተናል። ዝርዝር የሚባለው ነገር ቀርቷል። ያ ጊዜ አለፈ።»

ኦርፌሊና ቦርሳዋን ከፈተች። የአክሲዮን ሰርተፊኬቱን፣ መታወቂያዋን፣ ከሕጉ የተቀዳችውን አንዲት ገጽ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። 

«የቀረው ለሕዝብ ማሳወቁ ነው» አለች። «ለባለአክሲዮን ማሳየቱ አልቀረም። ዝርዝሩ በዋናው መሥሪያ ቤት መቀመጥ አለበት። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ይኸው ነው።»

ኡጋልዴ ፈገግ አለ። ወረቀቷን አንብቦ ወደ ውጭ ወጣና ስልክ ደወለ። በመስታወቱ በኩል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች። ሲመለስ ፎቶ ማንሣት አይቻልም፣ ስልክዎን እዚህ ይተዉት አላት። ከዚያ ሁለት ገጽ ወረቀት አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ፤ እሱም ከላይዋ ቆመ።

በመጀመሪያው መስመር ላይ ትሬስ ኩምብሬስ አለ፤ ከመቶ ሰማንያ ስምንት። ከእሱ ጀርባ ማን እንዳለ ይህም ዝርዝር አይናገርም፤ የኩባንያ ስም ነው፣ ሰው አይደለም። ከሥሩ ግን ሰዎች ነበሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ኤርሲሊያ ቡርጎስ ቪያግራን፣ አምስት ከመቶ። አድራሻው የኬልዌን፣ ከደብሩ በላይ ያለው መንገድ ነው። በከተማው ኤርሲሊያን የማያውቅ የለም፤ ለየሠርጉ ኬክ ትጋግር የነበረች ሰማንያ ዓመት ያለፋት መበለት ናት። የኤላዲዮ ትሮንኮሶ ሚስት እናት።

ኦርፌሊና በዚያ ስም ላይ ዓይኗን ማሳረፍ ፈራች። ሰውየው የት እንደምታይ እያየ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ሁሉንም በእርሳስ ገለበጠች፤ ሠላሳ አንድ ስም፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፍጥነት። የራሷም ስም ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ነበር። እሱንም ጻፈችው።

«ጨረሱ?» አላት። «አባትዎ ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል። ጥሩ ነገር ነው ዝምታ።»

ስትወጣ ዝናብ ነበር። የባሕሩን ጎን ይዛ ወደ ከተማው ስትሄድ አንድ ነጭ ፒካፕ ከኋላዋ መጣ። አላለፋትም። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ቆም ስትል ይቆማል። ዞራ አላየችም፤ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ከጡት መያዣዋ ሥር ከተተችው፤ ቦርሳዬን ይውሰዱት ብላ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ገባችና ከባንኮኒው ኋላ፣ ሠራተኞቹ መካከል፣ ዱቄት ላይ ተቀመጠች። ባለ ዳቦ ቤቷ ምንም ሳትጠይቅ በሩን ቆለፈች። ፒካፑ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሄደ። ማንም ምንም አላደረጋትም። ምንም አለመደረጉ ግን አላጽናናትም፤ ሌሊቱን ደግሞ ከእኔ ቤት አደረች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

ረቡዕ ጠዋት የሲቪል መዝገብ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እሷ ነበረች። የኤላዲዮን የጋብቻ ሰርተፊኬትና የሚስቱን የልደት ሰርተፊኬት አወጣች፤ እነዚህን ማንም ሰው ጠይቆ ያገኛል። በልደቱ ላይ የእናት ስም ኤርሲሊያ ቡርጎስ ቪያግራን ይላል። መግለጫው ውስጥ ለምን እንደሌለ ሂሜና አስረዳችን፦ ተመራጭ የሚያስመዘግበው የራሱን ነው እንጂ የአማቱን አይደለም። ከድምፅ የሚያስወጣው ሕግ ግን አማትንም ይቆጥራል።

አንድ ችግር ቀረ። ድምፁ እኩል ሲሆን የሚወስነው ከንቲባው ስለሆነ፣ ኤላዲዮ ቢወጣም ሦስት ለሦስት ሆኖ እንሸነፋለን። ሬቤካ መመለስ አለባት። ሬቤካ ደግሞ ስልክ አታነሣልንም።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የእርጥብ ሱፍና የዓሣ ሽታ ያፍናል። ቶሪቢዮ ተነሥቶ ከገለበጠችው ዝርዝር ሦስተኛውን መስመር አነበበ፤ ሁለቱን ሰርተፊኬቶች ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ሰጠ። ኤላዲዮ አልደነገጠም። ይህ የግል ኩባንያ ነው፣ ዝርዝሩ ለማንም አይታይም፤ ባለፈው እንዳደረጋችሁት ከየትም ያመጣችሁት ወረቀት ነው አለ። ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። ቶሪቢዮ ወደ እኛ ዞሮ አየ፤ ስሟን ግን አልጠራም። እንዳይጠራት ቃል ገብቶላት ነበር።

ኦርፌሊና ከጎኔ ነበረች።  ስትነሣ ወንበሩ ወደቀ።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «ባለአክሲዮን ነኝ። ማክሰኞ ዕለት በፋብሪካው ቢሮ ዶን ሬናን ራሱ አሳይቶኛል። ዶን ኤላዲዮ ሐሰት ነው ካሉ፣ ሐሰት ነው ብለው በቃለ ጉባኤው ያስመዝግቡ።»

ማንም አልሳቀም። ኤላዲዮ ጸሐፊውን አየ፤ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ ይጠብቃል። ኤላዲዮ ሐሰት ነው አላለም።

ኦርፌሊና ግን አልተቀመጠችም። ወደ ሬቤካ ዞረች።

«የባለፈውም የእኔ ጥፋት ነው። ሪፖርቱ የቆየ መሆኑን ሳላይ ስም ሰጠሁ። ቶሪቢዮ የከሰሰሽ እኔን አምኖ ነው። ወንድምሽንም አንቺንም አዋረድኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

 ኤላዲዮ ወረቀቱን ሰብስቦ ከአዳራሹ ወጣ፤ በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ ያም ከጩኸት የበለጠ አስፈራኝ። ድምፁ በስም ተጠራ። ሬቤካ ስትጠራ፣ አልስማማም አለች፣ ከዚያም ማይኩን ሳታጠፋ፣ ቀኑን አንብቡ እንጂ እናንተ ሰዎች አለች። አራት ለሁለት ሆነ። መሬቱ ለፋብሪካው አልተሰጠም።

ደስታው የሌሎቹ ነበር። ኦርፌሊና በጓሮ በር ይዛኝ ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሳት። ያ ሁሉ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። ነጩ ፒካፕ አልፎ አልፎ በሰማያዊው ቤት በኩል ያልፋል፤ ምናልባት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነው። አክሲዮኑን በጥሩ ዋጋ እንግዛሽ የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጥቶላታል። አልመለሰችም። ትሬስ ኩምብሬስ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ኤላዲዮ አሁንም የምክር ቤት አባል ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያነሣላታል፣ እሷም ወደ ቤቷ ተመልሳ ትቀመጣለች።

የወደቡ ሰዎች ግን ስለ እሷ የሚሉት ሌላ ነው። የአባቷን አደራ አልሸጥም ብላ፣ ሁሉም ሲሸጥ እሷ ብቻ አርቃ አይታ አስቀመጠችው ይላሉ። ቶሪቢዮ አዲሷን ጀልባ በስሟ ሊጠራት ፈልጎ ነበር። እሷ እንቢ አለች። ይህን ልጽፍ ነው ስላት ሁሉንም ጻፊው፣ መፍራቴንም፣ ማስመለሴንም፣ አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ አለችኝ።

የግዢ ጥሪው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አክሲዮኑን ልትሸጥ ሄዳ ነበር። ሰርተፊኬቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፎርሙን ሞልታ ፈርማ፣ ኮንሴፕሲዮን ደርሳ ነበር። አክሲዮኑን የሚሰበስበው ደላላ ቢሮ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ፊት አርባ ደቂቃ ያህል ቆመች፤ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ይዘጋል። ከዚያ ፈርታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።